ቅንዓትና ቃል ኪዳን
ከሁለት ቤተ ክርስቲያን ለሚጋቡ ሙሽሮች በጋብቻቸው ቀን የተሰጠ ቃል

ንባብ፦ ኢያሱ ምዕራፍ 9፤ 2ኛ ሳሙኤል 21፥1–7

በጌታችን በኢየሱስ ክርስቶስ የተወደዳችሁ ሙሽሮች፤ እናንተም ከሁለቱ ቤት የመጣችሁ አባቶችና እናቶች፥ ወንድሞችና እኅቶች፤

ዛሬ በዚህ ቤት በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ የተቀመጡት ሁሉ በአንድ ልማድ ያደጉ አይደሉም። ከመካከላችን አንዳንዶች በደጃፉ ጫማቸውን ሊያወልቁ ጎንበስ ብለው፥ ሌላው እንዳላወለቀ ባዩ ጊዜ ቀና ያሉ አሉ። ሙሽራው በተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ተጠምቆ፥ የንስሐ አባት ይዞ፥ ረቡዕንና ዓርብን እየጾመ ያደገ ነው። ሙሽሪትም በመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ተጠምቃ፥ የሉተርን ትንሹን ካቴኪዝም ተምራ፥ በመዘምራን ጉባኤ ውስጥ ያደገች ናት። ሁለቱም እምነታቸውን እንደ ልብስ ሊለውጡ የሚችሉ ሰዎች አይደሉም። እንዲህ ባይሆኑ ኖሮ ዛሬ የምንናገረው ነገር ባልኖረም ነበር።

እንግዲህ ከብዙዎቻችሁ ልብ የማይጠፋውን ጥያቄ በግልጽ እናንሣው። ሰው ለቤተ ክርስቲያኑ ታማኝ ሆኖ፥ ከቤተ ክርስቲያኑ ውጭ ላገኘው የትዳር ጓደኛውም ታማኝ ሆኖ መኖር ይችላልን? ሁለቱ ታማኝነቶች የተጋጩ በመሰለው ቀንስ ምን ያደርጋል? ይህ የሙሽሮቹ ብቻ ጥያቄ አይደለም። የንስሐ አባቱም፥ እኛም፥ አማቶችም በየበኩላችን የምንመልሰው ጥያቄ ነው።

በመጀመሪያ ልዩነቱን አናሳንሰው። ሁለቱ ቤተ ክርስቲያኖች ስለ ጾምና ስለ ቅዱሳን ብቻ ሳይሆን ሠርግ ራሱ ምን እንደ ሆነም በአንድ ዓይነት አይናገሩም። በተዋሕዶ ትምህርት ጋብቻ ከሰባቱ ምሥጢራት አንዱ ነው፤ የሚፈጸመውም በካህኑ ጸሎት፥ በተክሊሉና በቅዱስ ቍርባኑ ነው። ይህም ሥርዓት የሚሰጠው ለራሷ ልጆች ነው፤ ከሌላ ቤተ ክርስቲያን የሆነ ሰው በዚያ መሠዊያ ፊት ሊቆም አይችልም። እኛ ደግሞ ሉተር በአውሮፓ አቆጣጠር በ1529 ለቀሳውስት ባዘጋጀው ትንሽ የጋብቻ ሥርዓት መጽሐፍ እንደ ተማርነው፥ ጋብቻ እግዚአብሔር በፍጥረት ያቆመው የሰው ሁሉ ኑሮ መሆኑን እናስተምራለን። በዚያ ሥርዓት ሙሽሮቹ ፈቃዳቸውን የሚናገሩት በቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ነበረ፤ ቀጥሎም ወደ መሠዊያው ቀርበው የእግዚአብሔርን ቃል ሰምተው ይባረኩ ነበር። ጋብቻውን የሚያቆመው የሁለቱ ነጻ ቃል ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ይህን ቃል ትመሰክርለታለች፥ ትጸልይለታለች።

ስለዚህ ሙሽራው ዛሬ እዚህ ሲቆም ያለ ዋጋ አልቆመም። በቤተ ክርስቲያኑ ሥርዓት በተክሊል ወይም በቍርባን ያልተጋባ ሰው ወደ ሥጋ ወደሙ አይቀርብም። የንስሐ አባቱ ይህን በኀዘን ነግረውታል፤ እኛም ቃላቸውን በንቀት አልሰማነውም፤ የተቀበሉትን ሥርዓት ጠበቁ እንጂ ክፋት አላደረጉምና። ሙሽሪት ሆይ፥ ይህን ዕወቂ። ባልሽ ወደ ቅዳሴ ሄዶ ሌሎች ሲቀርቡ እርሱ በሩቅ ቆሞ የሚመለስበት እሑድ አለ። በዚያ ቀን ምሳ ስታቀርቢለት ምን እንደ ከፈለ አትርሺ።

አሁን ወደ ንባባችን እንምጣ። የገባዖን ሰዎች የእስራኤልን መምጣት በሰሙ ጊዜ ፈሩ፤ በተንኰልም አሰቡ። ያረጀ ስልቻ በአህዮቻቸው ጫኑ፤ የተቀደደና የተጠቀመ የወይን አቍማዳ ያዙ፤ የታደሰ አሮጌ ጫማ አደረጉ፤ የደረቀና የሻገተ እንጀራ ሰነቁ። ወደ ኢያሱም መጥተው፥ እኛ ከሩቅ አገር የመጣን ነን አሉት፤ እነርሱ ግን ቅርብ ጎረቤቶች ነበሩ። የእስራኤልም ሰዎች ስንቁን ቀምሰው አመኑ፤ እግዚአብሔርን ግን አልጠየቁም። ኢያሱ ሰላም አደረገላቸው፤ አለቆችም ማሉላቸው። ከሦስት ቀን በኋላ ተንኰሉ ተገለጠ። ሕዝቡም በአለቆቹ ላይ አንጐራጐረ። አለቆቹ ግን በእግዚአብሔር ስም ምለናልና ልንነካቸው አንችልም ብለው መለሱ። የገባዖን ሰዎች በሕይወት ቀሩ፤ ነገር ግን እንጨት ቈራጮችና ውኃ ቀጂዎች ሆኑ።

ታሪኩ በዚህ አላበቃም። በምዕራፍ 10 እንደምናነበው አምስት ነገሥታት ገባዖንን ከበቡ፤ እነርሱም ወደ ኢያሱ ላኩ። ኢያሱ፥ አታልላችሁኛልና ራሳችሁን አድኑ ሊላቸው ይችል ነበር። እርሱ ግን ሌሊቱን ሁሉ ከጌልገላ ገሥግሦ ደረሰላቸው። ፀሐይ የቆመችበት ያ ታላቅ ቀን በተንኰል የተገኘ ቃል ኪዳን የተጠበቀበት ቀን ነበረ።

ከብዙ ዘመን በኋላ በዳዊት ጊዜ ሦስት ዓመት ረኃብ ሆነ። ዳዊት እግዚአብሔርን ሲጠይቅ፥ ረኃቡ ሳኦል የገባዖንን ሰዎች ስለ ገደለ እንደ ሆነ ተነገረው። መጽሐፍ የሳኦልን ምክንያት ሲነግረን ስለ ስስት ወይም ስለ ስካር አላለም፤ ሳኦል ያን ያደረገው ለእስራኤልና ለይሁዳ ልጆች ቀንቶ ነው ይላል። ሳኦል ቃል ኪዳኑን ያፈረሰው በክሕደት ሳይሆን በቅንዓት ነው። ምናልባትም በዚያ ቀን ለእግዚአብሔር መልካም ያደረገ መስሎት ተኝቷል። ዋጋውን ግን እርሱ አልከፈለም፤ ከቤቱ ሰባት ልጆችና የልጅ ልጆች ከፈሉት። በዚያው ምዕራፍ ደግሞ ዳዊት የዮናታንን ልጅ ሜምፊቦስቴን ያዳነው ከዮናታን ጋር ስለ ማለው መሐላ እንደ ሆነ እናነባለን። ዮናታን ከሞተ ቆይቷል፤ ቃሉን የሚጠይቅ አልነበረም፤ ቃሉ ግን ቆመ።

ከዚህ ታሪክ ሦስት ነገር እንማራለን፤ ሦስቱም ለእነዚህ ሙሽሮች የተጻፉ ይመስላሉ።

አንደኛው፥ ወደ ቃል ኪዳን በሻገተ እንጀራ አትምጡ። ከሁለት ቤተ ክርስቲያን በሚጋቡት ዘንድ የሻገተው እንጀራ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ እርሱም፥ አሁን ይሁን ልበል፥ ከሠርጉ በኋላ ወደ እኔ አመጣታለሁ፥ ወይም አመጣዋለሁ የሚል የተሰወረ አሳብ ነው። ይህን አሳብ እናት በጓዳ ትመክረዋለች፤ አንዳንድ ጊዜም መምህር ይመክረዋል። ለጊዜው ሰላም ይመስላል። ነገር ግን ልብን ሰውሮ የሚምል ሰው ከሩቅ መጣሁ እንዳለው ጎረቤት ነው፤ በሦስተኛው ቀን መታወቁ አይቀርም። ከዚያም በኋላ በዚያ ቤት የሚነገር ቃል ሁሉ እንደዚያ ስልቻ እየተገላበጠ ይመረመራል።

ስለዚህ ከነዚህ ሙሽሮች ጋር ከሦስት ወር በላይ ስንነጋገር የጠየቅናቸው ስለ ፍቅራቸው ብዛት አልነበረም። አራት ነገር ጠየቅናቸው፤ መልሱንም ከሁለቱ ቤት ሽማግሌዎች ፊት በጽሑፍ አኖሩ። እነርሱ ፈቅደዋልና፥ ሌሎችም ይማሩበት ዘንድ እንነግራችኋለን።

ስለ ጾም ጠየቅናቸው። በሁዳዴ 55 ቀን፥ ረቡዕና ዓርብም፥ በዚያ ቤት ምን ይበስላል? እንዲህ ተስማሙ፦ በጾም ቀን በቤቱ አንድ ድስት ብቻ ይጣዳል፤ እርሱም የጾም ወጥ ነው። እርሷ በዚህ ጽድቅን አልቈጥርም፥ ስለ ፍቅር ግን ከእርሱ ጋር እበላለሁ አለች። እርሱም በሌላ ቤት ብትበላ ጾም አፈረሰች ብዬ አልከስሳትም አለ። ይህ ለጆሮ ትንሽ ነገር ነው፤ ነገር ግን ጳውሎስ በሮሜ ምዕራፍ 14 ስለሚበላና ስለማይበላ ያስተማረው ወደ ማጀት ሲገባ ይህን ይመስላል።

ስለ እሑድ ጠየቅናቸው። እርሱ ገና ሳይነጋ ወደ ቅዳሴ ይሄዳል፤ እርሷ ረፈድ ሲል ወደ ጉባኤዋ ትሄዳለች። አንዱ ሌላውን ከደጅ አይከለክልም፤ ሲመለሱም የሰሙትን ወንጌል ለእርስ በርስ ይነጋገራሉ። ልደትን፥ ጥምቀትንና ፋሲካን በአንድ ቀን ስለሚያከብሩ በታላላቆቹ በዓላት ቤታቸው አይከፈልም። ማታ ማታ አብረው የሚጸልዩት ሁለቱም ከሕፃንነት ያወቁትን አባታችን ሆይ ነው።

ስለ ልጅ ጥምቀት ጠየቅናቸው። ብዙ ትዳር የሚሰናከለው በዚህ ነው፤ ምክንያቱም ድስትን ማስማማት ይቻላል፥ ልጅን ግን መክፈል አይቻልም። በሰሎሞን ፊት ልጁን ለሁለት ክፈሉት ያለችው እናት አልነበረችም። ሁለቱም ቤተ ክርስቲያኖች በኒቅያ ጸሎተ ሃይማኖት ጥምቀት አንዲት መሆኗን ይመሰክራሉ፤ ሁለቱም ሕፃናትን በአብ፥ በወልድና በመንፈስ ቅዱስ ስም ያጠምቃሉ። በተዋሕዶ ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ፥ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ትጠመቃለች። እኛ በዚያ የተጠመቀውን ዳግመኛ አናጠምቅም፤ ከዚያ ወገን ግን የእኛ ጥምቀት ሁልጊዜ እንዲሁ አይታይም። ልጅ ሲመጣ እናያለን የሚል መልስ መልስ አይደለም። 40 ቀን ፈጥኖ ይደርሳል፤ በአራስ ቤትም አማቶች ተቀምጠዋል፥ እናቲቱም ደክማለች፤ በዚያ ጊዜ የሚነሣ ክርክር በፍቅር አይፈታም።

እነዚህ ሙሽሮች ሁለቱም ወላጆች በአንድነት ሊቆሙ በሚችሉበት ስፍራ ይጠመቅ ብለው ልጁ በዚህ ቤተ ክርስቲያን እንዲጠመቅ ወሰኑ። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ዋጋው ለሁለተኛ ጊዜ በሙሽራው ላይ ወደቀ። ስለዚህ ሙሽሪት በበኩሏ፥ የአባቱ ጥምቀት ከእርሱ ጥምቀት ያነሰ ነው ብላ ለልጇ በቃልም ሆነ በፊት ገጽታ ላትነግረው፥ አያቱ ታቦት ልትሸኝ ስትወጣ ልጁን ከእርሷ ላትከለክለው ቃል ሰጠች። ይህን ለሁሉ የሚሆን ሕግ አናደርገውም። በሌላ መንገድ የወሰኑ የእኛ ልጆች አሉ፤ እነርሱንም ከሐዲዎች አንላቸውም። ሕግ የምናደርገው ይህን ብቻ ነው፦ ልጁ በስውር አይጠመቅ፤ ሁለት ጊዜም አይጠመቅ።

በመጨረሻ ስለ መቃብር ጠየቅናቸው። በሠርግ ቀን ስለ ሞት መናገር ለአንዳንዶች ክፉ ምልክት ይመስላል፤ ነገር ግን እስከ ሞት ድረስ ብሎ የሚምል ሰው ሞትን በቃሉ ውስጥ አስገብቶታል። ባል ወይም ሚስት ሲሞት የቀረው በልቅሶ ደክሞ ሳለ፥ ይህ የእኛ ነው፥ አይደለም የእኛ ነው እያሉ በሬሳ ላይ የሚከራከሩ ዘመዶች በአገራችን ታይተዋል። ስለዚህ እያንዳንዱ በራሱ ቤተ ክርስቲያን ጸሎት ይቀበር ዘንድ፥ የቀረውም ይህን እንዳይለውጥ ተስማሙ፤ ለዕድራቸውም አስታወቁ።

እነሆ እንጀራው ተቈርሶ ታየ። ትኩስ ነው ወይስ ሻግቷል ብሎ የሚጠራጠር የለም።

ሁለተኛው ትምህርት ይህ ነው፦ ከመሐላ በኋላ የታወቀ ነገር መሐላን አያፈርስም። ምንም ያህል ብትነጋገሩ፥ ያልተነገረ ነገር ይቀራል። ዛሬ የለሰለሰው ሰው ከአሥር ዓመት በኋላ በእምነቱ ይጠነክር ይሆናል፤ ያመነውም ይቀዘቅዝ ይሆናል። በዚያ ቀን፥ ያገባሁት ይህን ሰው አልነበረም የሚል ቃል ወደ አፋችሁ ይመጣል። ውልና ቃል ኪዳን የሚለዩት በዚህ ነው። ውል በነገሩ ላይ የቆመ ነው፤ በሬው በሽተኛ ሆኖ ቢገኝ ገዢው ይመልሰዋል። ቃል ኪዳን ግን በሰውየው ላይ የቆመ ነው። ኪዳን የሚለው የግዕዝ ቃል ተካየደ ከሚለው ግሥ የመጣ ነው፤ ይህም ግሥ አንዱ ከሌላው ጋር የሚያደርገውን የሚናገር እንጂ ለብቻ የሚደረገውን የሚናገር አይደለም። ኢያሱ የገባዖንን ሰዎች ስለ ተንኰላቸው ገሠጻቸው፤ እንዲሁ አላለፈውም፥ ነገር ግን አልተዋቸውም። በትዳርም እንዲሁ ነው። መገሠጽ፥ ማልቀስ፥ ሽማግሌ መጥራት የተፈቀደ ነው፤ መሐላውን እንዳልነበረ መቍጠር ግን አልተፈቀደም።

ይሁን እንጂ ለዚህ ወሰን እናድርግለት፤ አለዚያ ጨካኝ ሰው በዚህ ስብከት ሚስቱን ያስርበታል። ሄሮድስ በእንግዶቹ ፊት ስለ ማለ የዮሐንስን ራስ ቈረጠ፤ ያ ታማኝነት አልነበረም። ክፋትን ለማድረግ የተሰጠ ቃል ሰውን አያስርም። ስለዚህ የትዳር ጓደኛ ክርስቶስን እንድትክዱ ቢጠይቃችሁ ቃል ኪዳኑ ለዚያ አያስገድዳችሁም። የምትመታ ሴትም ከዱላ ሥር ወጥታ ወደ ወላጆቿ፥ ወደ ሽማግሌዎችና ወደ ሕግ ብትጠጋ ኪዳን አፈረሰች አይባልም፤ ያፈረሰው ዱላውን ያነሣው ነው። ሕሊናንም በመሐላ መግዛት አይቻልም። አንዳንዶች የሩትን ታሪክ እያነሡ፥ ሚስት እንደ ሩት ባሏ ወደሚያመልክበት ትሂድ ይላሉ። ነገር ግን ሩት ኑኃሚንን የተከተለችው ተጠይቃ አልነበረም። ኑኃሚን ደጋግማ ተመለሺ እያለቻት ነው በፈቃዷ የተጣበቀችው። እንዲህ ያለውን ቃል ሰው ሊሰጥ ይችላል፤ ማንም ግን ከሌላው ሊጠይቀው አይችልም።

ሦስተኛው ትምህርት ከሁሉ የከበደ ነው፤ እርሱም የሳኦል ቅንዓት ነው። ከሁለት ቤተ ክርስቲያን የተጋቡትን የሚያፈርሳቸው ብዙ ጊዜ ምንዝርና ስካር ብቻ አይደለም። ለራስ ወገን መቅናት ነው፤ ይህ ደግሞ መልካም ልብስ ስለሚለብስ አይታወቅም። መምጣቱ በምን ይታወቃል? ስለ ትዳር ጓደኛ የሚጸለየው ጸሎት ከአጠገቡ ተነሥቶ ስለ እርሱ ወደሚነገር ወሬ ሲለወጥ፥ ያን ጊዜ መጥቷል። የቤት ጠብ ሁሉ፥ የጨው ማነስ እንኳ ሳይቀር፥ ድሮስ የእነዚያ ልጅ አይደለችምን በሚል ቃል ሲያልቅ፥ ያን ጊዜ መጥቷል። በልጅ ፊት በአባት ሥዕል ላይ ሲሳቅ፥ ወይም በእናት መዝሙር ላይ ሲሾፍ፥ ያን ጊዜ መጥቷል። ልጁም በአባቱ ዘንድ አንድ ነገር፥ በእናቱ ዘንድ ሌላ ነገር መናገር ሲማር፥ እነሆ የሳኦል ልጆች ዋጋ መክፈል ጀምረዋል። እንዲህ ያለ ልጅ አድጎ የአባቱንም የእናቱንም ቤተ ክርስቲያን ትቶ ሲሄድ፥ ሁለቱ ወገኖች ጥፋቱን በእርስ በርስ ያሳብባሉ።

ይህ ቅንዓት ከሙሽሮቹ ይልቅ በእኛ ዘንድ እንደሚበረታ አንካድ። ገባዖንን የመቱት ባልና ሚስት አልነበሩም፤ ንጉሡ ነበረ። ስለዚህ ለአማቶችና ለሽማግሌዎች፥ ለእኛ ለአገልጋዮችም አንድ ቃል እንናገር። ልጅህ መጥቶ ስለ ሚስቱ ሲያማህ፥ ነግሬህ ነበር አትበለው፤ ይህን ቃል የሚናገር ሰው የማለውን መሐላ እያስፈረሰው ነውና። ሙሽሪት ወደ እኛ መጥታ በባሏ እምነት ምክንያት ብትነግረን፥ ከሚስትነቷ በፊት ምእመንነቷን እየቈጠርን በባሏ ላይ ፋይል የምንከፍት ከሆነ እኛ ራሳችን ሳኦሎች ነን። እግዚአብሔር የሚጠላው መሐላን ማፍረስ ነው እንጂ፥ ለማን ተብሎ እንደ ፈረሰ በመጠየቅ ፍርዱን አይለውጥም።

ምናልባት አንድ ቅን ሰው፥ በማይመች አካሄድ አትጠመዱ የሚለው የሐዋርያው ትምህርት የት ሄደ ይለን ይሆናል። ሐዋርያው በ2ኛ ቆሮንቶስ 6 የሚናገረው ከማያምኑ ጋር ስለ መጠመድና ስለ ጣዖት ነው። በዚህ የቆመው ሰው ግን በሥላሴ ስም ተጠምቆ፥ ክርስቶስ አምላክና አዳኝ ነው ብሎ የሚመሰክር ነው። ሐዋርያው በ1ኛ ቆሮንቶስ 7፥ ከማያምን ጋር ያለች ሚስት እንኳ እርሱ ለመኖር ከፈቀደ አትተወው ካለ፥ ሁለት የተጠመቁ ሰዎች መሐላቸውን እንዲጠብቁ ይልቁንም እንዴት አይገባም? በአውሮፓ አቆጣጠር በ1534 ሚካኤል የሚባል ኢትዮጵያዊ ዲያቆን እስከ ዊተንበርግ ሄዶ ከሉተርና ከሜላንክቶን ጋር ስለ እምነት ተነጋግሮ ነበር። ሉተር ከእርሱ ጋር በመሠረተ እምነት እንደ ተስማማ፥ የሥርዓት ልዩነትም የቤተ ክርስቲያንን አንድነት እንደማያፈርስ መሰከረ፤ የድጋፍ ደብዳቤም ጽፈው አሰናበቱት። አንድ ቀን በማዕድ ዙሪያ ሊሆን የቻለው ነገር፥ በአንድ ቤት ዕድሜ ልክ ሊሆን አይችልም ብለን ለመናገር አንደፍርም።

ሙሽሮች ሆይ፥ ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። ሁለቱ ታማኝነቶች የተጋጩ በመሰላችሁ ቀን ምን ታደርጋላችሁ? እንዲህ አድርጉ። የምትጠየቁት ክርስቶስን እንድትተዉ ነውን ብላችሁ መርምሩ። እንደዚያ ከሆነ እምቢ በሉ፥ እምቢም ብላችሁ በቤታችሁ ኑሩ። የምትጠየቁት ግን የራሳችሁ ወገን እንዲበዛ፥ እንዲያሸንፍ፥ እንዲመሰገን ከሆነ፥ ያ የሳኦል ቅንዓት ነው፤ ቃል ኪዳናችሁን ጠብቁ። ቤተ ክርስቲያን መሐላ በማፍረስ አትጠበቅም። እግዚአብሔር በልጁ ደም የገባልንን ኪዳን የጠበቀልን እኛ ትክክል ሆነን ስለ ተገኘን አልነበረም፤ ስሙን ስለ ጠራበት ነው። ዛሬ በእናንተም ላይ ስሙ ይጠራል።

አቤቱ አምላካችን ሆይ፥ ከሁለት ቤት ያመጣሃቸውን እነዚህን አገልጋዮችህን በምሕረትህ ተመልከት። አንደበታቸውን ከሽንገላ፥ ቅንዓታቸውንም ከመግደል ጠብቅ። ገባዖን በተከበበች ሌሊት የደረስህ አንተ፥ ቤታቸው በተከበበ ሌሊት ድረስላቸው። ለእኛም የማሉትን የምናጸና እንጂ የምናፈርስ እንዳንሆን ጥበብን ስጠን። በኢየሱስ ክርስቶስ በጌታችን፤ አሜን።